ዓይን አፋር ልጅን ኪቦርድ ስናስመዘግብ ለመምህሩ ምን እንጻፍ?

ሚጣ የምንላት ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ስትጣላ ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። እንግዳ ሲገባ ግን ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ትሸሸጋለች። ስሟን ሲጠይቋት አንገቷን ትደፋለች። እኛ ደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለች ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ስለዚህ ልጅቷ ተቸግራ እንደሆነ ቶሎ አይታወቅም። የሚታወቀው አዲስ ነገር ለመማር ሰው ፊት ስትቀርብ ነው።

ኪቦርድ ልማር ያለችው ራሷ ናት። አክስቷ ቤት አንዲት ትንሽ ኪቦርድ አለች። ሚጣ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቃ የሰማችውን ዜማ በአንድ ጣቷ እየፈለገች ታገኘው ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስመዘገብናት።

የመጀመሪያው ቦታ ልጅ የበዛበት ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ ስሙን፣ ክፍሉንና ሙዚቃ ለምን እንደሚወድ እንዲናገር ተጠየቀ። ሚጣ ተነሳች፤ ቃል ግን አልወጣትም። መምህሩ «አይዞሽ፣ ጮክ በይ» አሏት፤ ለማበረታታት ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ማታ ሆዴን አመመኝ አለች፤ በሚቀጥለው ትምህርት ቀን ጠዋትም እንደገና ሆዷን አመማት። ኪቦርዱን አንዴም ሳትነካው ነገሩ በዚያው ቀረ።

በመምህሩ አልፈርድም። የሞላነው ቅጽ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍልና የወላጅ ስልክ ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ልጅቷ እንዴት እንደምትማር የሚገልጽ ቦታ የለውም።

ከዚያ ጎረቤቴ በሰፈራችን አቅራቢያ ልጆችን ኪቦርድና ክራር የሚያስተምሩ ሌላ መምህር እንዳሉ ነገረችኝ። ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ ተማሪዎቻቸውም ጥቂት ናቸው። እሳቸው ጋ ከመውሰዴ በፊት ደብዳቤ ልጽፍላቸው ወሰንኩ። በስልክ መንገር ወይም ስናስመዘግብ በአካል ማስረዳት ይቻል ነበር። ነገር ግን በምዝገባ ቀን ልጅቷ አጠገቤ ናት። «ልጄ ታፍራለች» ብዬ ለሰው ስናገር እሷም ትሰማለች። ደጋግሞ የሰማ ልጅ ደግሞ ስሙ አድርጎ ይይዘዋል። ደብዳቤን መምህሩ ብቻቸውን ያነቡታል፤ ከትምህርቱ በፊትም መልሰው ሊያዩት ይችላሉ።

መጀመሪያ የጻፍኩት አጭር ነበር። ልጄ በጣም ዓይን አፋር ናት፣ እባክዎ ይታገሷት የሚል ነው። ለእህቴ አነበብኩላት። እሷም አስተማሪ ናት። «ይኼ ምኑን ይነግራቸዋል? ስታፍር ምን ታደርጋለች? ያን ጊዜ እሳቸው ምን ያድርጉ?» አለችኝ። ለእኔ ነገሩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። «ዓይን አፋር» የሚለውን ቃል ለአንድ መምህር ስንነግር ከዚህ በፊት ያስተማሩትን ሌላ ዓይን አፋር ልጅ ያስባሉ። እኔ ደግሞ የምፈልገው የእኔን ልጅ እንዲያውቁልኝ ነው። ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩ። የላክሁት ይህ ነው፤

«ይድረስ ለተከበሩ መምህር፤

ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ለጀማሪዎች በሚሰጡት የኪቦርድ ትምህርት ላስመዘግብ እፈልጋለሁ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ፊደል ጥሩ ታነባለች። ኖታ አታውቅም። የሰማችውን ዜማ ግን በቀኝ እጇ አንድ ጣት እየፈለገች ታወጣዋለች።

ከማታውቀው ሰው ጋር መጀመሪያ ላይ አትናገርም። ጥያቄ ሲጠይቋት አንገቷን ትደፋና የቀሚሷን ጫፍ መጠቅለል ትጀምራለች። ይህን ሲያዩ አልገባትም ወይም ደብሯታል እንዳይሉብኝ። ብዙ ጊዜ ገብቷታል፤ መልሱ ነው ከአፏ የማይወጣው። በጣቷ አሳዪ፣ ጠቁሚ ወይም ንኪው ከተባለች ግን ወዲያው ትመልሳለች። ጥያቄ ከጠየቋት በኋላ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ትንሽ ዝም ቢሉላት ትረጋጋለች።

ሦስት ነገር ልለምንዎት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሌሎች ልጆች ፊት ተነስታ እንድትናገር ወይም ብቻዋን እንድትጫወት ባያደርጓት። እጇን ለማስተካከል ሲፈልጉ አስቀድመው ቢነግሯት፤ ድንገት ሲነኳት ትደነግጣለች። ሲሳካላት ደግሞ በሰው ፊት ከማጨብጨብ ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ምኑን እንዳሳካች ቢነግሯት። ለምሳሌ ‹ጣትሽ ክብ ሆነ› ቢሏት ደስ ብሏት ትውላለች።

የሚቻል ከሆነ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ክፍሉ ባዶ ሲሆን ይዣት ልምጣ። ኪቦርዱን፣ የምትቀመጥበትንና መጸዳጃ ቤቱን ታይና እንመለሳለን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እኔ ክፍሉ ውስጥ ወደ ኋላ እቀመጣለሁ። ከዚያ በር ላይ፣ ቀጥሎም ውጭ እሆናለሁ። መቼ እንደምወጣ ለእሷ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ተደብቄ አልሄድም።

በአንድ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃታል ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎ ሌላ ካዩ እቀበላለሁ። ቤት ውስጥ ምን ያህል እንድትለማመድና ምን ዓይነት ኪቦርድ እንድንገዛ ቢመክሩኝ፣ ክፍያውንም ቢያሳውቁኝ። የሚያስቸግር ነገር ሲኖር እሷ ፊት ሳይሆን በስልክ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤ እናቷ»

ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስትጽፉ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ክፍል ልጁ ሳይናገር የሚመልስበትን መንገድ የምትነግሩበት ነው። አንዱ ልጅ ይጠቁማል፤ ሌላው ይጽፋል፤ ሌላው ለእናቱ ጆሮ ያንሾካሹካል። እናንተ ቤት የለመዳችሁትን መምህሩ በሁለት ወር ነው የሚደርሱበት። የልመናውን ብዛት ደግሞ ቀንሱ። እኔ የሐሳቤን ሁሉ ብጽፍ ሁለት ገጽ ይሞላ ነበር። ብዙ ልጅ የሚያስተምር ሰው ሦስት ነገር ያስታውሳል፤ አሥር ነገር ግን አያስታውስም።

መምህሩ ደብዳቤውን አንብበው ደወሉልኝ። «እህቴ፣ ኪቦርድ እኮ የአፍ ትምህርት አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ማንም የለም፤ ይዘሻት ነይ» አሉኝ። ሄድን። እሳቸው ጥግ ላይ ክራር እየቃኙ ብዙም ሳያዩዋት ሰላም አሏት። ኪቦርዱ በርቷል። ቆየት ብላ ራሷ ሄዳ አንዱን ነካች።

የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሚመስል ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። መምህር ስትመርጡም ሆነ ከመምህር ጋር ስትመካከሩ ይረዳችኋል። በኪቦርድ ጣቶች ቁጥር አላቸው። በሁለቱም እጅ አውራ ጣት አንድ ነው፤ ትንሿ ጣት አምስት። መምህሩ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው «ሦስት» ይላሉ፤ ሚጣ መሀል ጣቷን ታነሳለች። «አምስት» ሲሉ ትንሿን። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። እሷ ጣት ታነሳለች፤ እሳቸው ቁጥሩን ይናገራሉ። አንዳንዴ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ ሚጣ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቃል ሳትናገር ጥያቄና መልስ እየሠራች ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ ይህን ሳይ ልቤ ተረጋጋ።

ቀጥለው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ አስነኳት። ጥቁሮቹ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ነው የሚሄዱት። ከሦስቱ የግራውን ይዞ ሦስቱን፣ ከዚያም ቀጥለው ያሉትን ሁለቱን በተራ ለነካ ሰው የሚሰማው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፤ በነጮቹ ብንሄድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንደምንለው። አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነና ድምፆቹ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ልጁ የፈለገውን ቢነካ ጆሮ አይጎረብጥም። መምህሩ በታችኛው በኩል ሁለት ድምፅ እየደጋገሙ ይዘው ሄዱ። «አንቺ ጥቁሮቹን እንደፈለግሽ» አሏት። ሚጣ መጀመሪያ አንድ ነካች፤ ቆየች። ከዚያ ሁለት። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም እጇ ቁልፎቹ ላይ ነበር። ስህተት ነው የሚባል ነገር በሌለበት ጨዋታ ነው የጀመረችው። ለልጅ ጆሮ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሰማው ቅኝት ስለሆነ ባዕድ አይሆንበትም።

ይህ ጥቁር ቁልፍ ግን ለመክፈቻ ነው እንጂ ለዘላለም አይደለም። ጥቁሮቹ ጠባብና ከፍ ያሉ ስለሆኑ ልጁ ጣቱን ቀጥ አድርጎ መጠንቆል ይለምዳል። መምህሩ ቶሎ ወደ ነጮቹ ወሰዷት። የቀኝ እጇ አምስት ጣቶች በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ላይ ተቀመጡ። አንድ ጣት ለአንድ ቁልፍ ነው። ዶን የምታገኘው ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለውን ነጭ በማየት ነው። ቁልፉ ላይ ፊደል እንለጥፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ለጥቂት ቀን ዶ ላይ ብቻ ይበቃል አሉኝ። ሁሉም ላይ ከተለጠፈ ዓይኗ ወረቀቱን ያነባል፤ የጥቁሮቹን አቀማመጥ አትማርም።

ችግር የመጣው ሙሉ ዜማ መጫወት ስትጀምር ነው። አንድ ድምፅ ስትሳሳት ታቆምና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንደገና እዚያው ትሳሳታለች። እንደገና ከመጀመሪያው። ዓይኗ እንባ ይሞላና እጇን ጭኗ ላይ ትሰበስባለች። እንዲህ ያለ ልጅ ስህተቱን ሰው ያየበት ስለሚመስለው ነው፤ ከመጀመሪያው ሲጀምር ያልተሳሳተ ይሆናል። ውጤቱ ግን የዜማው መጀመሪያ መቶ ጊዜ ተጠንቶ መጨረሻው ሳይነካ መቅረቱ ነው።

መምህሩ ዜማውን አራት ቦታ ቆረጡት። መጀመሪያ ያስጠኗት የመጨረሻውን ቁራጭ ነው። እሱ እጇ ላይ ሲገባ ሦስተኛውን ጨምረው እስከ መጨረሻ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ በመጨረሻ መጀመሪያውን። እንዲህ ሲሆን ልጁ የሚሄደው ከማያውቀው ወደሚያውቀው ነው። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ይቀልለዋል። ስትሳሳት ደግሞ ከተሳሳተችበት ቁራጭ ብቻ እንድትጀምር ተስማሙ። ቤት ውስጥ እኔም ይህንኑ ያዝኩ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ኪቦርድ ስለመግዛት ትንሽ ልበል። ለስምንት ዓመት ጀማሪ 61 ቁልፍ ያለው ይበቃል። የሚያሳስተው የቁልፉ ስፋት ነው። መጫወቻ የሚመስሉት ትንንሾቹ ቁልፋቸው ጠባብ ስለሆነ ልጁ መምህሩ ጋ ሲሄድ እጁ ይጠፋበታል። ሲጫኑት እንደ አጫጫኑ ድምፁ የሚቀንስና የሚጨምር ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ሱቅ ውስጥ አንዱን ቁልፍ በቀስታ ከዚያም በኃይል በመንካት ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ከገዛችሁ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ንኩ፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ስታደርጉ የሚንኮሻኮሽ መሆኑንም ስሙ። አዳፕተሩን በተለይ ተጠንቀቁ። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቮልትና የፕላስና ማይነሱ ምልክት አዳፕተሩ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሊያቃጥለው ይችላል። መብራት ሲጠፋም ነቅሎ ማቆየት ነው፤ ሲመጣ በኃይል ይመጣል። ብዙዎቹ የጀማሪ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ስለሚሠሩ መብራት የጠፋ ቀን ልምምዱ አይቋረጥም።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ኪቦርድ ሲቀመጥ ለሕፃን ከፍ ይላል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ እጅ አንጓዋ ይታጠፋል። ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ወንበሩ ላይ ጋቢ አጥፈን ደራረብን። ያኔ እግሯ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ዱካ አደረግንላት። እግሩ መሬት ያልያዘ ልጅ ይወዛወዛል፤ እጁም አይረጋም።

ልምምዱ በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ደቂቃ ነበር፤ ጠዋት ከቁርስ በኋላና ማታ። የሪትም ቁልፎቹን ከልምምዱ በኋላ ነው የምንፈቅደው፤ አለዚያ አሥሩ ደቂቃ በእነሱ ያልቃል። ሚጣ ሌላ ሰው ቤት ካለ አልጫወትም ስላለች የጆሮ ማዳመጫ ገዛንላት። ድምፁን ከግማሽ በታች አድርገን፣ ኪቦርዱ ላይ ምልክት አደረግንበት። ማዳመጫው ለዓይን አፋር ልጅ ትልቅ ነፃነት ነው። ማንም ሳይሰማት መሳሳት ቻለች። የማልደብቃችሁ፣ እኔ ልሰማት እየጓጓሁ ዝም ማለት ከብዶኝ ነበር። አውልቂው አላልኳትም። አንድ ማታ ቡና እያፈላሁ ከጓዳ ሳለሁ የዜማው የመጨረሻ ቁራጭ ተሰማኝ። ሽቦውን ራሷ ነቅላዋለች። ዞሬ ሳላያት ቡናዬን ቀጠልኩ። እሷም ደገመችው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማለት አለብኝ። ከቤት ውጭ ጨርሶ የማይናገር፣ ትምህርት ቤት ከገባ የመጀመሪያው ወር አልፎም ዝምታው ያልተፈታ ልጅ ካላችሁ ነገሩ ከዓይን አፋርነት ሊያልፍ ይችላል። ስሙን ከኋላ ስትጠሩት የማይዞር ከሆነም ጆሮው ይታይ። ይህን የሚያየው የጤና ባለሙያ ነው። የሙዚቃ ትምህርት የዚያ ምትክ አይሆንም። ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር ስለምታወራና ክፍል ውስጥም በሹክሹክታ ስለምትመልስ እኛ ያን ያህል አልሰጋንም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል መምህሩ ወላጆችን ጠርተው ልጆቹ እንዲጫወቱ አሰቡ። በደብዳቤው ለምኜ ስለነበር መጀመሪያ ለእኔ ደወሉ። ከእሷ ጋር አስቀድመን ተነጋገርን። ምርጫ ሰጠናት፤ ባትጫወት ይቻላል፣ ከመምህሩ ጋር ጎን ለጎን ብትጫወት ይቻላል፣ ኪቦርዱ ወደ ግድግዳው ቢዞር ይቻላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ መረጠች። በዕለቱ መምህሩ የታችኛውን ያዙ፤ እሷ ዜማውን። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ አንድ ድምፅ ሳተች። እጇ ቆመ። መምህሩ የታችኛውን ሳያቋርጡ ደጋገሙት፤ እሷም ከዚያው ቁራጭ ተነስታ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሲጨበጨብ ሮጣ መጥታ ጉያዬ ገባች። ያ ደግሞ ምንም አይደለም።

መስከረም ላይ ለክፍል አስተማሪዋም ተመሳሳይ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሐምሌውን ግን እንዳለ አልገለበጥኩትም፤ ብዙው አልፎበታል። እጇን ሲነኳት ትደነግጣለች የሚለውን አወጣሁት። «አትናገርም» የሚለውን ደግሞ «ትንሽ ቢጠብቋት በዝቅተኛ ድምፅ ትመልሳለች፤ ድገሚው ጮክ በይ ባትባል» በሚል ቀየርኩት። ለሙዚቃ መምህሯም አንድ አጭር ወረቀት ላክሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው ሰልችቷት ስለምትመጣ ትምህርቱ ከሳምንቱ መካከል ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወርላት ጠየቅሁ። ተስማሙ። አሁን የግራ እጅ ጀምራለች።